ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ ሪፈር ላደረጋችሁ ባልደረባ የምስጋና መልእክት እንዴት ይጻፋል

ብዙ ሰው ኢንተርቪው ሲጨርስ ለጠያቂዎቹ አጭር የምስጋና ኢሜል ይልካል፣ ሲቪውን በራሱ ስም ያስገባለትን ባልደረባውን ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ይተወዋል። ሥራው ሲገኝ አመሰግነዋለሁ ይላል፣ ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ እፍረቱ ይመጣና ነገሩ በዛው ተድበስብሶ ይቀራል። እኔ የምጽፈው ስለዛ መሃል ላይ ስላለው ጊዜ ነው። ኢንተርቪው አልቋል፣ መልስ ገና አልመጣም፣ ሪፈር ያደረጋችሁ ሰው ድሮ አብራችሁ የሠራ ባልደረባ ነው፣ አሁን ደግሞ እዛው ያመለከታችሁበት ድርጅት ውስጥ ነው ያለው። ይሄ መልእክት ከሌላ የምስጋና መልእክት ለየት የሚለው ተቀባዩ ቤተኛ ስለሆነ ነው፣ የምትጽፉለት ነገር እሱንም እናንተንም ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል።

መጀመሪያ ሰውየው ምን እንዳደረገላችሁ በደንብ እንወቅ፣ ምክንያቱም የምናመሰግነው ያደረገውን ነገር ነው። ብዙ ድርጅት ውስጥ ሪፈራል ማለት ሠራተኛው ወደ ውስጥ ፖርታል ገብቶ ወይ ለኤችአር ኢሜል ጽፎ ሲቪያችሁን ያስገባል፣ ከዛ ብዙ ጊዜ "ይሄን ሰው ከየት ታውቀዋለህ፣ ሥራውን አይተሃል ወይ፣ ለዚህ ቦታ ለምን ይሆናል ትላለህ" የሚሉ ጥያቄዎችን መሙላት አለበት። ማመልከቻችሁ ላይ የሱ ስም ይቀመጣል። ከዛ በኋላ ግን እሱ ከጨዋታ ውጪ ነው ማለት ይቻላል፣ ኢንተርቪው አድራጊዎቹ ውስጥ ካልሆነ በቀር ምን እንደተጠየቃችሁ፣ እንዴት እንደመለሳችሁ፣ ማን ምን ነጥብ እንደሰጠ አያይም። ፖርታሉ ቢያሳየው እንኳን "በሂደት ላይ" ዓይነት ነገር ነው። በጎን ደግሞ ያመለከታችሁበት ክፍል ማናጀር ኮሪደር ላይ አግኝታው "ያቺ ያመጣሃት ልጅ ዛሬ መጥታ ነበር እኮ፣ እንዴት ነበር ሥራዋ?" ልትለው ትችላለች። እሱ ኢንተርቪው መደረጋችሁን እንኳን ካልሰማ ምን ይመልሳል? ስለዚህ መልእክታችሁ ሁለት ሥራ አለው፣ ስሙን ስላዋሰላችሁ ማመስገንና እሱ ባዶውን እንዳይቆም ማድረግ። ከዚህ ውጪ ሦስተኛ ሥራ ካሸከማችሁት ይበላሻል፣ በተለይ ልመና።

ደረጃ 1፦ ከመጻፋችሁ በፊት ማስታወሻ ያዙ

ከኢንተርቪው ወጥታችሁ ገና ትኩስ እያለ ስልካችሁ ላይ አራት ነገር ጻፉ። ከማን ጋር ነበር (ስማቸው ካልያዛችሁት የሥራ ድርሻቸው ይበቃል)፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ መልስ መቼ እንሰጣለን አሉ፣ አራተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ስለ ባልደረባችሁ ምን ተጠየቃችሁ፣ ምንስ መለሳችሁ። "እንዴት ትተዋወቃላችሁ?" ሪፈር የተደረገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። እናንተ "ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ነበርን" ብላችሁ እሱ ደግሞ ፎርሙ ላይ "ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል" ብሎ ከሆነ ማንም ውሸት አላወራም፣ አንዱ ሌላ ክፍል የነበራችሁበትን ጊዜ ጨምሮ ቆጥሮ ነው፣ ግን ፋይሉ ላይ ሲነበብ ደስ አይልም። የመለሳችሁትን ልክ እንደመለሳችሁት ብታሳውቁት እሱም ቢጠየቅ ለምን እንደተለያየ ማስረዳት ይችላል። ልብ በሉ፣ ተመካከሩና አንድ ታሪክ ፍጠሩ እያልኩ አይደለም፣ የተባለውን ይወቅ ነው።

ደረጃ 2፦ መቼና በምን ይላክ

መጀመሪያ ለጠያቂዎቹ የምትልኩት ካለ እሱን ላኩ፣ ከዛ ለባልደረባችሁ። ሁለቱን በአንድ ኢሜል አታድርጉት፣ ባልደረባችሁንም ለጠያቂዎቹ በላካችሁት ላይ ሲሲ አታድርጉት። ሲሲ ሲደረግ ጠያቂዎቹ የሚያዩት ምስጋና ሳይሆን "የማን ሰው እንደሆንኩ አትርሱ" የሚል ነገር ነው፣ እናንተ እንደዛ ባታስቡትም።

ሰዓቱ የዛኑ ዕለት ማታ ወይ በማግስቱ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዛ ሲዘገይ ኮሪደር ላይ ከሌላ ሰው ይሰማል። ኢንተርቪው ክፍል በር ላይ ቆማችሁ ደግሞ አትጻፉ፣ ያኔ ወይ በጣም ደስ ብሏችኋል ወይ በጣም ከፍቷችኋል፣ ሁለቱም ስሜት መልእክቱ ላይ ያስታውቃል።

በምን እንደምትልኩ ከምትጽፉት እኩል አስቡበት። የድርጅቱ የሥራ ኢሜል ላይ አትላኩ። የሥራ ኢሜል የድርጅቱ ነው፣ ሊታይ ይችላል፣ በዛ ላይ ባልደረባችሁ በደግነት "ይኸው እንዴት ደስ እንዳላት እዩ" ብሎ ለማናጀሯ ፎርዋርድ ሊያደርገው ይችላል። ብዙውን ጊዜ የምታወሩበት መስመር ላይ ላኩ፣ ቴሌግራም ከሆነ ቴሌግራም፣ የግል ኢሜል ከሆነ የግል ኢሜል። ድምፅ መልእክት ባይሆን እመርጣለሁ፣ ሰውየው ስብሰባ ላይ ሆኖ ሊከፍተው አይችልም፣ በኋላም ቀኑንና ስሙን ለማየት ሲፈልግ እንደገና ሙሉውን ማዳመጥ አለበት። እናንተ አሁን ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ካላችሁ ደግሞ የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ኢሜልም ኮምፒውተርም አትጠቀሙ፣ ሥራ እየፈለጋችሁ እንደሆነ አለቃችሁ በዚህ መንገድ ባይሰማ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ መጻፍ

እዚህ ላይ በምሳሌ ብንሄድ ይቀላል። አንዲት አካውንታንት አለች እንበል። ድሮ አንድ ክፍል ሁለት ዓመት አብሯት የሠራ ልጅ አሁን ሌላ ድርጅት ገብቷል፣ እዛ ሲኒየር አካውንታንት ሲፈለግ ሲቪዋን አስገባላት፣ ፎርሙ ላይም የዓመት ሂሳብ መዝጊያ አብረው እንደሠሩ ጻፈ። ከኢንተርቪው በፊት ደውላለት "ክፍሉ ውስጥ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ላይ ብዙ ውዝፍ አለ፣ እሱን አስቢበት" ብሏታል። ኢንተርቪው አለቀ፣ ማታ የመጀመሪያ ድራፍቷን እንዲህ ጻፈች፦

"ሰላም ወንድሜ እንዴት ነህ!! ዛሬ ኢንተርቪው ነበረኝ በጣም አሪፍ ነበር! ስለ ሁሉም ነገር በጣም በጣም አመሰግናለሁ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር። የነገርከኝ የባንክ ማስታረቅ ጥያቄ ራሱ መጣልኝ! ማናጀሯ ትንሽ ከበድ ትላለች ግን የወደደችኝ ይመስለኛል። እስቲ ምን እንዳሉ አጣራልኝ፣ ከቻልክም አንድ ነገር በልልኝ። ከተሳካ ግብዣው በኔ ነው፣ አንተም ቦነስህን ትበላለህ!"

ልጅቷ ክፉ አላሰበችም፣ ደስ ብሏት ነው የጻፈችው። ግን አንድ በአንድ እንየው።

"ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" ማለት ምንም እንዳላዩ ሆኖ ማመስገን ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ ፎርም ሞልቷል፣ ስለሷ ሥራ አስቦ ጽፏል፣ ስሙን አስይዟል። ያደረገውን ለይታ ጠቅሳ ብታመሰግነው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ "በጣም በጣም" መደጋገምም አያስፈልግም። "አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር" የሚለውም ይቅር፣ ገና ምንም አልሆነችም እኮ፣ ደግሞ ሥራውን ያገኘችው በሱ ነው የሚል ትርጉም ውስጡ አለ።

"የነገርከኝ ጥያቄ ራሱ መጣ" የሚለው ከሁሉም የከፋው ነው። ልጁ የነገራት ክፍሉ ውስጥ ያለውን የሥራ ጫና ነው፣ የኢንተርቪው ጥያቄ አልሰጣትም፣ እሱ ራሱ ጥያቄዎቹን አያውቃቸውም። ግን ይሄን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ቢያነበው ጥያቄ አሾልኳል ነው የሚለው። ምስጋና ጽፋ በጽሑፍ ማስረጃ አስቀመጠችበት ማለት ነው። ምክሩን ማመስገን ከፈለገች ለዝግጅት እንደጠቀማት ትናገር፣ ከጥያቄው ጋር አታያይዘው። ጥያቄዎቹን መዘርዘርም አያስፈልግም፣ ብዙ ድርጅት ያንኑ ጥያቄ ለሚቀጥለው አመልካች ስለሚጠቀምበት እንዲወጣ አይፈልግም፣ ልጁም ነገ ሌላ ሰው ሪፈር ሲያደርግ ጥያቄውን የማያውቅ ሰው ሆኖ ቢቀር ነው የሚሻለው።

"ማናጀሯ ከበድ ትላለች" ያለችው ደግሞ ስለ ልጁ የሥራ ባልደረባ፣ ምናልባትም ስለ አለቃው ነው። ወይ ይስማማል ወይ ይከላከላል ወይ ዝም ይላል፣ ሦስቱም አይመቹትም። "የወደደችኝ ይመስለኛል" የሚለውም ግምት ነው፣ ሳይሆን ቢቀር ልጁ ያልሆነ ተስፋ ይዞ ይቆያል።

"አጣራልኝ፣ አንድ ነገር በልልኝ" ሲመጣ ምስጋናው በሙሉ መግቢያ ሆኖ ይቀራል። ሰው መልእክቱን ጨርሶ የሚያስታውሰው የተጠየቀውን ነው። በዛ ላይ ውሳኔ ላይ ያለ ነገር ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ልጁን ሊያስነቅፈው ይችላል፣ እሷንም "በራሷ የማትቆም" ሊያስብላት ይችላል። አስተያየት ሊሰጥ የሚገባው ሰው ከሆነ ራሳቸው ይጠይቁታል።

ግብዣውና ቦነሱ መጨረሻ ላይ ነው የመጡት። ሪፈራል ቦነስ የሚከፍሉ ድርጅቶች አሉ፣ ብዙዎቹ የሚከፍሉት ሰውየው ተቀጥሮ የተወሰነ ወር ከቆየ በኋላ ነው። እውነት ቢሆንም መልእክት ላይ ሲጻፍ ልጁ ለገንዘብ ብሎ ያደረገው ያስመስላል። ግብዣም ስጦታም ውሳኔ ሳይሰጥ በፊት ባይነሳ ጥሩ ነው፣ ከምልመላ ጋር የተያያዘ ስጦታ የሚከለክሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ ባይከለከልም የንግድ ሽታ ያመጣል።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ አውጥታ እንደገና ስትጽፈው እንዲህ ሆነ፦

"ሰላም፣ እንዴት ነህ? ዛሬ ጠዋት ኢንተርቪውን ጨረስኩ። ከፋይናንስ ማናጀሯና ከኤችአር ጋር ነበር፣ 50 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ሲቪዬን በራስህ ስም ስላስገባህልኝ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። ፎርሙ ላይ የዓመት መዝጊያውን አብረን እንደሠራን መጻፍህ በጣም ረድቶኛል፣ ማናጀሯ ወሬውን የጀመረችው ከሱ ነው፣ እኔም ቀለል ብሎኝ ማውራት ቻልኩ። እንዴት እንደምንተዋወቅ ሲጠይቁኝ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል እንደነበርንና መዝጊያውን ሁለት ጊዜ አብረን እንደሠራን ነግሬያቸዋለሁ። የሚጠቀሙበትን ሲስተም እንደማላውቀው በግልጽ ተናግሬያለሁ፣ ሌላውን የቻልኩትን መልሻለሁ። ሥራውን በዝርዝር ከሰማሁ በኋላ ይበልጥ ፈልጌዋለሁ። በ2 ሳምንት ውስጥ እናሳውቅሻለን ብለዋል። አንተ ምንም እንድትከታተል አልፈልግም፣ የሆነውን እኔው እነግርሃለሁ። በድጋሚ አመሰግናለሁ።"

አሁን ይሄ መልእክት ለልጁ ምን እንደሰጠው ተመልከቱ። ማናጀሯ ነገ ብታገኘው ኢንተርቪው መኖሩን ያውቃል፣ ስለ ትውውቃቸው የተባለውን ያውቃል፣ ልጅቷ ሥራውን እንደምትፈልገው ያውቃል (ይሄን ቀጣሪ በጣም ይጠይቃል፣ "ትመጣለች ብለህ ነው?" ይሉታል)፣ ደካማ ጎኗንም ከሷ ሰምቷል። ሲስተሙን አላውቀውም ማለቷን ብዙ ሰው ቢሆን ይደብቀው ነበር፣ ግን ልጁ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከሷ ቢሰማው ይሻላል፣ ከተጠየቀም "አዎ አታውቀውም፣ የድሮውን ግን በአጭር ጊዜ ነው የለመደችው" ብሎ ያየውን እውነት መናገር ይችላል። እሷ ግን ይሄን በልልኝ አላለችም።

"ምንም እንድትከታተል አልፈልግም" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉዋት። ሪፈር ያደረገ ሰው ውስጡ "አሁን ደግሞ ማጣራት ይጠበቅብኝ ይሆን?" የሚል ሸክም አለው፣ እናንተ ስታወርዱለት ቅለቱን ያውቀዋል።

ርዝመቱ ስልክ ላይ አንዴ ተነቦ የሚያልቅ ይሁን፣ ከ100 ቃል ብዙ አይራቅ። ከዛ ካለፈ ብዙ ጊዜ ኢንተርቪውን መተረክ ጀምራችኋል ማለት ነው፣ ትረካው በአካል ስትገናኙ ይደርሳል።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚለው ላይ ሁሌ በምትጠሩት ጥሩት። "አንተ" የምትሉትን የድሮ ጓደኛ ድንገት "እርስዎ" ካላችሁት ደብዳቤ ከየት ገልብጣ አመጣች ነው የሚለው። በዕድሜ ወይ በማዕረግ ከፍ ያለና ሁሌ አንቱ የምትሉት ሰው ከሆነ ደግሞ መልእክቱ በሙሉ በአንቱታ ይሂድ፣ መሃል ላይ ወደ አንተ እንዳይንሸራተት አንብባችሁ አረጋግጡ፣ በተለይ ከሌላ መልእክት ኮፒ ካደረጋችሁ።

ደረጃ 4፦ ከመላክ በፊት አንድ ፍተሻ

መልእክቱን እንደ ማናጀሯ ሆናችሁ አንብቡት። ስክሪንሾት ተነስቶ እሷ ጋ ቢደርስ የሚያሳፍራችሁ፣ ባልደረባችሁን የሚያስጠይቅ፣ ወይም ከጠያቂዎቹ ጋር ካወራችሁት የሚለይ ነገር አለ? ካለ ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ደመወዝ ተነስቶ ከነበረ ቁጥሩን አትጻፉ፣ ባልደረባችሁ ራሱ እዛ ደመወዝተኛ ነው፣ የናንተ ቁጥር ከሱ በላይ ቢሆን ምን እንዲሰማው ነው? ሌሎች ድርጅቶች ጋም እያመለከታችሁ ከሆነ እዚህ መልእክት ላይ ቦታ የለውም።

ነገሩ ከተለመደው ወጣ ሲል

ኢንተርቪው ቢበላሽስ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጠፋው፣ ግን ባልደረባችሁ መልእክቱን በጣም የሚፈልገው ያኔ ነው፣ ስሙ አብሮ አለበት። ሳታለቃቅሱ፣ ሳትዋሹ አጭር አድርጉት፦ "ዛሬ ኢንተርቪው ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር እንደጠበቅኩት አልሄደልኝም፣ የታክስ ክፍሉ ላይ በደንብ አልመለስኩም። ስምህን ስላስያዝክልኝ ግን በጣም አመሰግንሃለሁ፣ ከኔ እንድትሰማው ብዬ ነው።" ይቅርታ መደርደር አያስፈልግም፣ ሲደረደር እሱ ተመልሶ እናንተን ማጽናናት ግዴታው ይሆናል። ማመካኛም አትጨምሩ፣ ጥያቄው ግልጽ አልነበረም ምናምን ማለት መልሶ ድርጅቱን መውቀስ ነው።

ኢንተርቪው ብዙ ዙር ከሆነ ለእያንዳንዱ ሙሉ ምስጋና አትላኩ፣ ሰው ይሰለቻል። ከመጀመሪያው በኋላ ሙሉውን፣ በመሃል ላይ አንድ መስመር ("ሁለተኛውንም ጨርሻለሁ፣ አንድ ይቀራል")፣ ከመጨረሻው በኋላ ደግሞ አጠር ያለ ምስጋና።

ባልደረባችሁ በቀጥታ ሳይሆን በሚያውቀው ሰው በኩል ሲቪያችሁን አስገብቶ ከሆነ ምስጋናው ለባልደረባችሁ ነው፣ መሃል ላይ ያለውን ሰው በሱ በኩል አመስግኑ፣ "ለሷም ምስጋናዬን አድርስልኝ" ማለት ይበቃል። እሱ ሳያውቅ ዘልላችሁ ለሰውየዋ ከጻፋችሁ የሱን ትውውቅ ያለ ፈቃድ ወሰዳችሁበት።

ከኢንተርቪው ስትወጡ ሥራው እንደማይሆናችሁ ከገባችሁ ደግሞ፣ ለኤችአር "አልቀጥልም" ከማለታችሁ በፊት ወይ በዛው ሰዓት ለባልደረባችሁ ንገሩት። ምክንያቱን አጭርና እውነት አድርጉት፣ "ሥራው በብዛት መስክ ላይ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት፣ አሁን ያ አይመቸኝም" ዓይነት። ቀድሞ ከሰማ ሲጠየቅ አይደነግጥም፣ ሌላ ጊዜም ሪፈር ለማድረግ አይፈራም።

ደረጃ 5፦ ከላካችሁ በኋላ

"በርቺ፣ ይሳካል" ብሎ ከመለሰ አመስግናችሁ ዝጉት፣ ወሬውን አታስረዝሙት። "እኔ እጠይቅልሻለሁ" ካለ ግን ዝም አትበሉ፣ "ግድ የለህም፣ ቀኑ ሳይደርስ ባንጠይቅ ይሻላል" በሉት። ምንም ካልመለሰም አትነካኩት፣ አንዳንዱ ሰው ውሳኔ እስኪሰጥ ዝም ማለት እንዳለበት የሥራ ቦታው ነግሮታል።

የተባለው 2 ሳምንት ሲያልፍ የምትጠይቁት ኤችአርን ነው፣ ባልደረባችሁን አይደለም። ኤችአርም መልስ ካልሰጠ አንድ ጊዜ ለባልደረባችሁ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ "እስካሁን መልስ አልመጣልኝም፣ ለኤችአር ጽፌ እየጠበቅኩ ነው፣ እንድታውቀው ያህል ነው።" ሊረዳ የፈለገና የሚችል ሰው ከዚህ ይገባዋል፣ የማይችልም ሰው እምቢ ለማለት አይገደድም።

ውጤት ሲመጣ የዛኑ ቀን ንገሩት። ከተቀጠራችሁ ከፌስቡክና ከሊንክድኢን በፊት እሱ ይስማ፣ ግብዣው አሁን ይነሳ፣ አሁን ማንም የሚጠረጥረው ነገር የለም። ካልተቀጠራችሁ ደግሞ ሁለት መስመር በቂ ነው፦ "ዛሬ መልስ ሰጡኝ፣ አልሆነም። የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ወስደናል ብለዋል። ላደረግክልኝ አሁንም አመሰግናለሁ።" ለምን እንዳልሆነ አጣራልኝ አትበሉት፣ አስተያየት ከፈለጋችሁ ኤችአርን ጠይቁ፣ ሌላ ቦታ ሲከፈት ንገረኝ የሚለውም ለዛ ቀን ይቆይ፣ ከወር ሁለት ወር በኋላ በሌላ ወሬ መሃል ይደርሳል።